ቅሬታው ሳያልቅ የተከፈተ መዝገብ

አንድ ሰው «የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደለኝ» ሲል ባሕር ዳር ላይ ቶሎ የሚያገኘው ምክር «ክሰሳቸው!» የሚል ነው። መካሪው ቅን ነው። ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ ተበዳዩን ይጎዳል። ጠበቃ ተይዞ፣ ዳኝነት ተከፍሎ ክስ ይገባል። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ አንድ ወረቀት ይዞ ይቀርባል። «ከሳሽ በሕግ የተዘረጋውን የቅሬታ ሥርዓት ሳይጨርሱ ነው የመጡት፣ መዝገቡ ይዘጋልን» ይላል። ዳኛው የበደሉን ዝርዝር ሳይሰሙ መዝገቡን ይዘጋሉ። ሰውየው እውነት ይዞ ተሸንፎ ይወጣል።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሕግ በመሥሪያ ቤት ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው የት እንደሚያመለክት፣ በስንት ቀን እንደሚያመለክትና ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ካስቀመጠ፣ ፍርድ ቤት የሚገባው ያ መንገድ ካለቀ በኋላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስህተቱን ራሱ የማረም ዕድል ያገኛል። ዳኛውም ተጣርቶ የቀረበ ጉዳይ እንጂ ጥሬ ነገር አይደርሳቸውም። ሕገ መንግሥቱም ይህን አይከለክልም። አንቀጽ 37 ሰው ጉዳዩን «ለፍርድ ቤት ወይም ለሌላ በሕግ የመዳኘት ሥልጣን ለተሰጠው አካል» የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል። በአገራችን ከፍርድ ቤት ደጃፍ በፊት የሚገኙት አካላት ከዚህ «ወይም» በኋላ ያሉት ናቸው።

እዚህ ላይ ሁሉንም ዓይነት መሥሪያ ቤት አላነሳም። መንገዱ በየሕጉ ይለያያል። መሬቱ ለልማት የሚወሰድበት የከተማው ዳር ገበሬ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መጀመሪያ ወደ አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ከዚያ ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሄዳል። ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሕግ በኋላ ስለተሻሻለ የማሻሻያውን ጽሑፍም ማየት ያስፈልጋል። የፌደራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የፌደራል መሥሪያ ቤቶች እንዴት እንደሚወስኑና ውሳኔያቸው በፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚመረመር ይደነግጋል። የክልል ቢሮዎችን ግን አይመለከትም። ይህን የማያውቅ ሰው በከተማ አስተዳደሩ ላይ ይህን አዋጅ ጠቅሶ ሲከራከር ያሳዝነኛል።

መንገዱ ደረጃ በደረጃ ጎልቶ የሚታየው በታክስ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አንድ የታክስ ጉዳይ ከነቀኑና ከነብሩ እንከተል። ጉዳዩን ለማስረዳት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፣ ደረጃዎቹ ግን የሕጉ ናቸው።

ጣና ዳር አነስተኛ ሎጅ ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። የተመዘገበው በፌደራል ግብር ከፋይነት ነው። ኦዲተሮች መጥተው ሰነድ አዩ። ክፍሎቹ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ እንደነበራቸው ገመቱና 1,200,000 ብር ተጨማሪ ታክስ ወሰኑ። ሥራ አስኪያጇ ሒሳቡን አየችው። 200,000 ብሩ ትክክል ነው፣ የተዘለለ ደረሰኝ አለ። የቀረው 1,000,000 ብር ግን ቱሪስት በጠፋባቸው ወራት ባዶ ያደሩ ክፍሎችን እንደተከራዩ ቆጥሮ የመጣ ነው። የውሳኔው ማስታወቂያ የደረሳት ጥቅምት 5 ቀን ነው።

የፌደራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በታክስ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ለባለሥልጣኑ፣ ማለትም ታክሱን ለወሰነው መሥሪያ ቤት፣ እንዲያቀርብ ይጠይቃል። የሎጇ የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 26 ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቀኑ የሚያልፈው በስንፍና አይደለም። ሰዉ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሥራ ይሠራል፣ የሚሠራው ግን በሕግ ፊት የማይቆጠር ሥራ ነው። ኃላፊውን ቢሮው ሄዶ ያነጋግራል፣ «እናየዋለን፣ ሰኞ ተመለስ» ይባላል። ሰኞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ለከንቲባው ደብዳቤ ይጽፋል። ለእንባ ጠባቂ ያመለክታል። ለሚያውቀው ዘመድ ይደውላል። እነዚህን ማድረግ ማንም አይከለክለውም። ሕጉ ግን ከቅሬታው ደረጃ አድርጎ አልቆጠራቸውም፣ ቀኑንም አያቆሙም። በቃል የተነገረ አቤቱታ ከነጭራሹ እንዳልቀረበ ነው።

የቅሬታው ይዘትም ዋጋ አለው። «ውሳኔው ከአቅሜ በላይ ነው፣ ይታይልኝ» የሚል ማመልከቻ በአዋጁ መሠረት ሙሉ ቅሬታ አይሆንም። ቅሬታው የተቃወሙበትን ምክንያት በትክክል መናገር አለበት። ውሳኔው እንዴት ይስተካከል እንደሚሉና ለምን እንደሆነም መጻፍ አለበት። ከዚህ ሌላ ያልካዱትን ታክስ መክፈል ግዴታ ነው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጇ 200,000 ብሩን ከፈለች። ደረሰኙን አያያዘች። የእንግዶች መዝገቡን፣ የመብራት ቢሉንና የሠራተኛ ደመወዝ ሰነዱን ከየወሩ ጋር አገናኝታ አቀረበች። ጥቅምት 18 ቀን መዝገብ ቤት አስገባች፣ ገቢ የተደረገበት ቀንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ይዛ ወጣች።

ይህ ቅጂ ትንሽ ወረቀት ይመስላል። ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ የሎጁ ዕጣ የሚወሰነው በእሱ ነው። መዝገብ ቤት ላይ «ተወው፣ እኛ ጋር ይቀመጣል» ሲባል ብዙ ሰው እሺ ብሎ ይወጣል። እባካችሁ እሺ አትበሉ።

ቅሬታው ጉድለት ካለው ባለሥልጣኑ ምክንያቱን ጽፎ ማሳወቅ አለበት። ሰውየው እንደገና የሚያቀርብበት ጊዜ አለው። ይህም ከመጀመሪያው 21 ቀን ወይም ይህ ማሳወቂያ ከደረሰው በኋላ ካሉት 10 ቀናት ዘግይቶ የሚያልቀው ነው። ከአገር ውጭ የነበረ፣ የታመመ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ ከጠየቀ እስከ 10 ቀን ሊራዘምለት ይችላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ «ታምሜ ነበር» ማለት ግን ከባድ ነው።

ቅሬታው ለየት ባለ የቅሬታ አጣሪ ክፍል ታይቶ የውሳኔ ሐሳብ ይቀርብበታል፣ ከዚያ ባለሥልጣኑ ይወስናል። ሰውየው ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። ኮሚሽኑ ታክሱን የሚሰበስበው አካል አይደለም፣ ራሱን ችሎ የሚዳኝ ነው። ይግባኙ ተቀባይነት እንዲያገኝ ግን አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው መስፈርት ክርክር ካለበት ታክስ 50 በመቶውን መክፈል ነው። ለሎጁ ይህ 500,000 ብር ይሆናል። በእኔ እምነት ይህ ለትንሽ ድርጅት በጣም ከባድ ደረጃ ነው፣ እውነት ያለው ሰው በገንዘብ እጥረት እዚህ ላይ ሊቀር ይችላል። ሕጉ የሚለው ግን እንዲያ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ማፈላለግ የሚጀመረው የይግባኙ ቀን ሲደርስ ሳይሆን ቅሬታው በገባበት ሳምንት ነው።

ሥራ አስኪያጇ ይህን ሁሉ ትታ በቀጥታ ክስ ብትመሠርትስ? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከሳሽ ወደ ዋናው ነገር ሳይገባ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ እንዲያነሳ ይፈቅድለታል። ፍርድ ቤቱ ይህን ጉዳይ የማየት ሥልጣን የለውም የሚለው መቃወሚያ ከእነዚህ አንዱ ነው። መዝገቡ በዚህ ይዘጋል። ከሽንፈቱ የባሰው ግን የጠፋው ጊዜ ነው። ክሱ ሲከፈትና ሲቀጠር 21 ቀኑ አልፏል። ቅሬታ ያልቀረበበት ውሳኔ የጸና ዕዳ ይሆናል፣ መሥሪያ ቤቱም ወደ ባንክ ሒሳብና ወደ ንብረት መሄድ ይችላል። ክሱ አንድ በር ለመክፈት ተብሎ ሌላውን በር ዘጋ።

እስካሁን ያየነው ዋናው ሕግ ነው። አሁን ወደ ልዩ ሁኔታዎቹ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእነሱ ነው፣ ብዙ ሰውም ሳይጠቀምባቸው የሚቀረው እነሱን ነው።

በጣም ጠንካራው በሕጉ ውስጥ ራሱ የተጻፈው ነው፤ እሱም የመሥሪያ ቤቱ ዝምታ ነው። ቅሬታው በቀረበ በ180 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ግብር ከፋዩ መልስ መጠበቁን ትቶ ወደ ኮሚሽኑ መሄድ ይችላል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው አያስቸግርም። ጥቅምት 18 የገባ ቅሬታ 180 ቀኑ የሚሞላው ሚያዝያ 18 ነው። ጳጉሜን በመካከል ከመጣች ግን ቀኖቿ አብረው ይቆጠራሉ።

ይህ ልዩ ሁኔታ አንድ ወጥመድ አለው። 180 ቀኑ ካለቀ በኋላ ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ለሎጇ ይህ እስከ ግንቦት 18 ማለት ነው። ዝምታው እንደ ውሳኔ ተቆጥሮ ሌላ ሰዓት ይጀምራል። «መልስ አልሰጡኝም፣ ስለዚህ ጊዜዬ አላለቀም» ብሎ እስከ ሐምሌ የሚጠብቅ ሰው አለ። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፉ፦ የሚሞላበትንና የሚያልፍበትን። ደግሞም ልብ በሉ፣ በዝምታ የተከፈተው በር ወደ ኮሚሽኑ እንጂ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት አይወስድም። አንድ ደረጃ ያስዘልላል፣ ሁሉንም አያስዘልልም።

ሁለተኛው ውሳኔው በሕጉ አግባብ ሳይደርስ መቅረቱ ነው። 21 ቀኑ የሚጀምረው ማስታወቂያው ለግብር ከፋዩ ከደረሰ ነው። ሎጁ አድራሻውን በትክክል አስመዝግቦ ሳለ ወረቀቱ ለማይመለከተው ሰው ተሰጥቶ ከቀረ፣ «ጊዜው አልፎሃል» ለሚለው ክርክር ጥሩ መልስ አለ። ይህ ቅሬታ ማቅረብን አያስቀርም። ቅሬታውን የማቅረቢያ ጊዜ ነው የሚያድነው። አድራሻ ቀይሮ ያላሳወቀ ሰው ግን በዚህ ብዙ አይተማመን።

ሦስተኛው የተጠየቀውን ነገር ቅሬታ ሰሚው ሊሰጥ የማይችል ሲሆን ነው። ሠራተኞች ለምርመራ መጥተው የሎጁን ማቀዝቀዣ ያለ ሥርዓት አሸጉ እንበል። ውስጡ ያለው ቀረሶና አምባዛ በሰበሰ። ሥራ አስኪያጇ የምትጠይቀው የዓሣው ካሣ ነው። ቅሬታ አጣሪው ታክስ መቀነስ ወይም መሰረዝ እንጂ የዓሣ ካሣ የመፍረድ ሥልጣን የለውም። ለዚህ ዓይነት ጉዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 አለ። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባደረሰው ጥፋት ኃላፊነት እንዳለበት፣ የሥራ ጥፋት ሲሆንም መንግሥት ሊጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ይህ ጥያቄ በባሕርዩ የፍርድ ቤት ነው። ነገር ግን የታክስ ክርክሩን በካሣ ልብስ አልብሶ ማቅረብ አይሠራም። «አላግባብ የተወሰነብኝን 1,000,000 ብር በካሣ መልክ ይመለስልኝ» ያለ ሰው ያው የታክስ ውሳኔውን እየተቃወመ ነው፣ ዳኛውም ይህን በአንድ ንባብ ይለየዋል።

አራተኛውና ብዙ ሰው የሚወደው «ምን ዋጋ አለው፣ ያው እነሱው ናቸው» የሚለው ነው። ቅሬታ ሰሚው ከወሳኙ ጋር አብሮ ሻይ የሚጠጣ ሰው ከሆነ ተበዳዩ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ለፍርድ ቤት ግን ጥርጣሬ አይበቃም። የሚፈለገው ቅሬታው ከመታየቱ በፊት መልሱ እንደተዘጋጀ የሚያሳይ ነገር ነው። ለምሳሌ «እንዲህ ዓይነት ቅሬታዎች ሁሉ ውድቅ ይደረጉ» የሚል የተፈረመ ደብዳቤ። ደግሞ በታክስ ጉዳይ ሁለተኛው ደረጃ ከባለሥልጣኑ ውጭ ያለ ኮሚሽን ስለሆነ ይህ ክርክር ወዲያው ይዳከማል። መጀመሪያው ደረጃ ከንቱ ቢሆን ሁለተኛው አለ ይባላል።

አምስተኛው ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ጉዳቱ በኋላ ሊጠገን ይችላል ወይ የሚል ነው። አላግባብ የተከፈለ ገንዘብ ይመለሳል። የፈረሰ ቤት ግን አይመለስም። ስለዚህ የአፈር መቆፈሪያ ማሽን በር ላይ የቆመበት ሰውና የታክስ ውሳኔ የደረሰው ሰው እኩል አይታዩም። አጣዳፊ ነገር ያለው ሰው በቅሬታው ውስጥ አፈጻጸሙ እንዲታገድለት በግልጽ ይጠይቅ። ተጠይቆ የተከለከለ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምንም ካልጠየቀው ይልቅ የሚያሳየው አለው።

ከእነዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በሕጉ ውስጥ እንደ ልዩ ሁኔታ የተጻፉ አይደሉም። በየአገሩ ዳኞችና የሕግ ምሁራን ያዳበሯቸው ናቸው። ምን ያህል እንደሚያስኬዱ ለማየት የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ታሪክ ይረዳል። በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማካርቲ በማዲጋን ላይ ባቀረበው ጉዳይ ወሰነ። ማካርቲ የፌደራል እስረኛ ነበር፣ የጠየቀውም የገንዘብ ካሣ ብቻ ነው። የእስር ቤቱ የቅሬታ ሥርዓት ገንዘብ አይሰጥም ነበር። ፍርድ ቤቱም «የማይሰጠውን ነገር እንዲጠይቅ አይገደድም» በሚል መንፈስ ቅሬታውን ሳይጨርስ እንዲከስ ፈቀደለት። በዚያው ፍርድ ላይ በተለምዶ የሚታወቁትን ልዩ ሁኔታዎችም ዘረዘረ፦ መዘግየቱ መብትን የሚጎዳ ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ መፍትሔ የመስጠት ሥልጣን ሲያጣ፣ ወሳኙም አስቀድሞ ያዳላ ሲሆን።

በ1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት እስረኞች ቅሬታቸውን ሳይጨርሱ እንዳይከሱ በሕግ ደነገገ። በ2001 እ.ኤ.አ. ያው ፍርድ ቤት ቡዝ በቸርነር ላይ ባቀረበው ጉዳይ ገንዘብ ብቻ የሚጠይቅ እስረኛም መጀመሪያ የቅሬታ ሥርዓቱን መጨረስ አለበት አለ። ሥርዓቱ ገንዘብ ባይሰጥም። ዳኞች ያበጁትን ልዩ ሁኔታ ሕግ አውጪው በአንድ አንቀጽ ወሰደው።

ለእኛ ያለው ትርጉም ይህ ነው። የአገራችን ሕግ «በዚህ ቀን ለዚህ አካል ይቅረብ» ብሎ ከጻፈ፣ ከዳኛ ፊት ቆሞ «ከንቱ ነው፣ አስቸኳይ ነው» ማለት ደካማ ምሰሶ ነው። ሕጉ ራሱ የጻፈው ልዩ ሁኔታ ግን ጠንካራ ነው። የታክሱ 180 ቀን ከማንኛውም የሚያምር ክርክር ይበልጣል። ስለዚህ ጠበቃ ስታማክሩ «ልዩ ሁኔታ አለ ወይ?» ብላችሁ አትቁሙ። «የቱ አንቀጽ ላይ ነው የተጻፈው?» በሉ።

እዚህ ላይ ለባሕር ዳር ነጋዴ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። አብዛኛው ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ጋራዥ ግብሩን የሚከፍለው ለከተማው ወይም ለክልሉ ገቢዎች ነው። ክልሉ የራሱ የታክስ አስተዳደር ሕግ አለው። ከላይ የጻፍኳቸው ቀኖችና መቶኛዎች የፌደራሉ አዋጅ ናቸው። የደረሳችሁን የውሳኔ ወረቀት አውጡና የቱን አዋጅ፣ የቱን ቁጥርና የቱን አንቀጽ እንደጠቀሰ ተመልከቱ። ምንም ካልጠቀሰ በጽሑፍ ጠይቁ። ቀን የምትቆጥሩት በዚያ ሕግ ነው፣ እኔ በሰጠሁት ምሳሌ አይደለም። አዋጆችም ስለሚሻሻሉ የመጨረሻውን ማሻሻያ ከነጋሪት ጋዜጣ ወይም ከጠበቃ አረጋግጡ።

ወደ ሎጇ እንመለስና መንገዱን እናስጨርሳት። ባለሥልጣኑ ዝም አለ። ሚያዝያ 18 ሞላ። እሷም ግንቦት ሳይገባ 500,000 ብሩን ከፍላ ለኮሚሽኑ ይግባኝ አለች። በማመልከቻዋ ላይ ማኅተም ያለበትን የጥቅምት 18 ቅጂ በመጀመሪያው ገጽ አያያዘች፣ ዝምታውን የሚያስረዳው እሱ ብቻ ነውና። ኮሚሽኑ ፊት ማስረዳት ያለባት እሷ ናት፣ ምክንያቱም በአዋጁ መሠረት ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። «እነሱ ያስረዱ» የሚል ክርክር እዚህ አይሠራም።

ኮሚሽኑ 600,000 ብሩን ሰረዘላት፣ 400,000ውን አጸናባት እንበል። አሁን በር ተከፈተ። በ30 ቀን ውስጥ ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ትችላለች፣ ክርክር ካለበት ታክስ 75 በመቶው መከፈሉ ሲረጋገጥ። ነገር ግን ወደዚህ ፍርድ ቤት የሚሄደው የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። «ኮሚሽኑ ሕጉን በተሳሳተ መንገድ ተረድቷል» ማለት ትችላለች። «በታኅሣሥ ወር ሦስት ክፍሎች ባዶ ነበሩ» ማለት ግን አትችልም፣ ያ የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው። የእንግዶች መዝገቡ የታኅሣሥ ገጾች በጥቅምቱ ቅሬታ ላይ ሳይያያዙ ቀርተው ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ላይ አውጥታ ብታሳይ ዳኛው ሊመዝኑላት አይችሉም።